«ዝምተኛ ናት» ብሎ የተጻፈ ወረቀት፦ የክፍል ምልከታ እንዴት ነው የሚጻፈው?

(ይህ ጽሑፍ ከድምፁ የተገለበጠ ነው፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

ከነስ ጺዮና ነው የማናግራችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ርዕሰ መምህሯ ክፍል ውስጥ ትገባለች፣ ከኋላ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ 45 ደቂቃ ታያለች፤ ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ስላየቻት አስተማሪ አንድ ገጽ ትጽፋለች። ያ ገጽ ስታዥ ላይ ላለ ሰው የማስተማር ፈቃድ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነው። ስታዡን ላለፈ ደግሞ ክቪዑት ነው፣ ማለትም ቋሚነት። ከምታዳምጡኝ መሃል መምህርነት የምትማሩ ወይም እህታችሁ ስታዥ ላይ ያለች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ይሄን ርዕስ የመረጥኩት።

እኔም ራሴ የመምህርነት ተማሪ ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብተን የሌላ ሰው ትምህርት እናያለን፣ ከዚያ እንጽፋለን። የመጀመሪያዬ ላይ «መምህርቷ ደስ የምትል ናት፣ ክፍሉ ውስጥ ጥሩ መንፈስ አለ፣ ልጆቹ ይወዷታል» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ኮርቼበት ነበር! አስተማሪያችን ወረቀቱን ስትመልስልኝ ጠርዙ ላይ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጽፋበታለች፦ «የት አየሽው?» «የት አየሽው?» «የት አየሽው?»

ዛሬ የምለው ሁሉ እዚያ ጥያቄ ላይ ነው የሚቆመው። ርዕሰ መምህሯ በጻፈችው ላይ አንድ ቀን ተጠያቂ ልትሆን ትችላለች። መምህርቷ ራሷ ትጠይቃታለች፤ ከመምህራን ማኅበሩ የመጣ ሰው ይጠይቃታል፤ የሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ ይጠይቃታል። ነገሩ ስንብት ላይ ከደረሰ ደግሞ ሺሙዓ አለ፤ አሠሪው ከመወሰኑ በፊት ሠራተኛዋ ምን እንደተባለባት አውቃ መልስ የምትሰጥበት ማለት ነው። ከዚያም በላይ የሥራ ፍርድ ቤት አለ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች፦ የት አየሽው?

መጀመሪያ ስለ አገሩ አሠራር ትንሽ ልበል። እስራኤል ውስጥ መምህራን የሚገመገሙበትን መሣሪያ ያዘጋጀው ራማ የሚባለው በ2005 የተቋቋመው የትምህርት ልኬትና ግምገማ ባለሥልጣን ነው። መሣሪያው ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ከተፈረመው ኦፌቅ ሐዳሽ ከሚባለው ስምምነት ጋር ተያይዞ ነው። አራት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፦ መምህሩ ሥራውን እንዴት እንደሚረዳውና ሙያዊ ሥነ ምግባሩ፣ የሚያስተምረው የትምህርት ዓይነት ዕውቀት፣ ክፍል ውስጥ ያለው የማስተማርና የመማር ሂደት፣ እና ከሌሎች መምህራን ጋር ያለው የሥራ አጋርነት። ልብ በሉ፣ «ድምፀ ጎላ»፣ «ቆፍጣና»፣ «ክፍሉን የምትሞላ» የሚል ትልቅ ክፍል የለም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ስታዥ ላይ ያለች ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ትገመገማለች። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ያለው እንድትሻሻል ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ውሳኔ ነው። ስለዚህ በአጋማሹ ያልተነገራትን ድክመት በመጨረሻው ወረቀት ላይ ድንገት ካየችው፣ ርዕሰ መምህሯ ያንን ወረቀት ይዛ መከራከር በጣም ነው የሚከብዳት። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ለሚለው መልስ የላትማ።

አሁን ወደ ምሳሌው እንሂድ። የምነግራችሁ ትምህርት ለማስረዳት ብዬ ከተለያዩ ክፍሎች ሰፍቼ ያዘጋጀሁት ነው፤ የአንድ እውነተኛ ሰው አይደለም።

አምስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ 28 ልጆች፣ በሰባት ጠረጴዛ አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ስታዥ ላይ ናት፣ የእኛው ልጅ ናት፣ የምትናገረው በለስላሳ ድምፅ ነው። ትምህርቱ 8:55 ይጀምራል፣ ርዕሱ የታች ቁጥራቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው።

ርዕሰ መምህሯ ወረቀቷን ለሁለት ከፍላዋለች። በአንዱ በኩል ሰዓትና የሆነው ነገር ብቻ ይጻፋል፤ ማን ምን አለ፣ በራሱ ቃል። በሌላው በኩል የራሷ ሐሳብና ጥያቄ ይጻፋል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሰዓት ባለበት በኩል ቅጽል አይገባም። «ሰነፍ»፣ «ጎበዝ»፣ «አሰልቺ» የሚባል ነገር እዚያ የለም። ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩት ግን፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እንኳን ያለ ቅጽል ማለፍ አልቻልኩም ነበር። ከዚህ ሌላ የክፍሉን አቀማመጥ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል ሠርታለች፣ ሰባት ጠረጴዛ። መምህርቷ አንድ ልጅ በጠየቀች ቁጥር እሱ ቦታ ላይ ጭረት ታደርጋለች።

ከማስታወሻዋ የሚከተለው አለ።

8:59። መምህርቷ «ገጽ 46፣ መልመጃ 3፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ» አለች፤ አንድ ጊዜ፣ ድምፅ ሳትጨምር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 26 ልጆች ገጹን ከፍተዋል። አንዱ መጽሐፍ አላመጣም፣ አንዷ እርሳስ ትፈልጋለች።

9:04። ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/4 ጻፈች። አንድ ልጅ «2/6» አለ። መምህርቷ፦ «አይደለም፣ ሌላ ማን አለ?» ከፊት ጠረጴዛ አንዲት ልጅ «3/4» አለች። መምህርቷ፦ «ትክክል፣ ጎበዝ።» ወደሚቀጥለው አለፈች።

ከ9:15 እስከ 9:30። ልጆቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። ርዕሰ መምህሯ ተነሥታ 10 ደብተሮች አየች፣ ከሰባቱም ጠረጴዛ። 1/2 + 1/3 ላይ ስድስቱ 2/5 ብለው ጽፈዋል።

9:40። ደወል። በጠቅላላው መምህርቷ ለክፍሉ 22 ጥያቄ ጠይቃለች። 17ቱን የመለሱት ከፊት ሁለት ጠረጴዛ ያሉ አምስት ልጆች ናቸው። ከኋላ ባሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ከተቀመጡት 12 ልጆች አንዱም አልተጠየቀም።

እስቲ አሁን ርዕሰ መምህሯ ደክሟት፣ ማስታወሻዋን ሳታይ፣ ማታ ቤቷ ሆና የምትጽፈውን ገምቱ። «መምህርቷ ዝምተኛና ዓይን አፋር ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ በክፍሉ ውስጥ ነውካኹት ይጎድላታል።» ነውካኹት፣ ማለትም ሰውዬው ሲገባ የሚሰማው ግርማ። ይሄን ቃል ያልሰማ ከመሃላችን ያለ አይመስለኝም። ቤታችን ውስጥ በትልቅ ሰው ፊት ድምፅ አለማንሳት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ያ ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ጉድለት ሆኖ ይጻፋል።

ይሄን ዓረፍተ ነገር የማልቀበለው ግን ስላናደደኝ ብቻ አይደለም። ማስረጃው ተቃራኒውን ስለሚል ነው። 8:59 ላይ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ተናገረች፣ 26 ልጆች በደቂቃ ውስጥ አደረጉት፣ የኋላዎቹን ጨምሮ። ድምጿ ደርሷል። የድምፅ ጉዳይ የሚለካው ተመልካቿ ጆሮ ላይ ሳይሆን ልጆቹ በሠሩት ነው። ልጆቹ «ምን አለች?» እያሉ ጎረቤታቸውን ቢጠይቁ፣ የተሳሳተ ገጽ ቢከፍቱ፣ ያኔ «መመሪያዋ ለኋላ ጠረጴዛዎች አልተሰማም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። አልሆነም። ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል።

አንዳንድ ርዕሰ መምህራን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሲጽፉ ክፋት የላቸውም፤ የለመዱት አስተማሪ ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ ነው። ሕጉ ግን ስለ ልባቸው ብቻ አይጠይቅም። በ1988 የወጣው በሥራ ላይ የእኩል ዕድል ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት በሥራ ሁኔታ፣ በዕድገትና በስንብት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ስለ አንዲት የእኛ ልጅ የተጻፈ፣ ምንም የታየ ነገር የማይደግፈው፣ ስለ ባሕርይዋ ብቻ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ሺሙዓ ላይ ሲነበብ ርዕሰ መምህሯን ራሷን ነው የሚያጋልጣት።

አሁን ደስ የማይላችሁ ክፍል ይመጣል። እዚህ ድረስ የሰማ ሰው «አያችሁ፣ ሊጥሏት ነበር፣ ምንም ጥፋት የለባትም» ሊል ይችላል። አይደለም። ድክመት አለ፣ ደግሞም ትንሽ አይደለም፤ ግን ድምጿ ላይ አይደለም ያለው።

9:04 ላይ ያለው ልጅ 1/2 + 1/4 ን 2/6 ነው ያለው የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ ነው። ክፍልፋይ የሚማሩ ልጆች ሁልጊዜ የሚሠሩት ስህተት ነው፣ ዝም ብሎ አይጠፋም። ግን ልጁ የሰጣት ስጦታ ነበር፦ 2/6 እኮ 1/3 ነው፣ ከግማሽ ያነሰ። ግማሽ ዳቦ ነበረህ፣ ሩብ ተጨመረልህ፣ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ቀረህ? ይህችን አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀው ክፍሉ በሙሉ ይማርበት ነበር። እሷ ግን «ሌላ ማን አለ?» ብላ አለፈች፤ ትክክለኛውን መልስ የምታውቀው ልጅ ተናገረች፣ ሁሉም የገባው መሰለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስድስት ደብተር ላይ ያው ስህተት ተገኘ። 2/5 ም ከግማሽ ያንሳል፣ ተመልከቱት።

ርዕሰ መምህሯ ይሄንን እንዴት ትጽፈው? እንዲህ፦

«በ9:04 አንድ ተማሪ ለ1/2 + 1/4 መልሱ 2/6 ነው አለ፤ መምህርቷ መልሱ ትክክል አለመሆኑን ነግራው ወደ ሌላ ተማሪ አለፈች። በግል ሥራው ጊዜ ከሰባቱም ጠረጴዛ ካየኋቸው 10 ደብተሮች 6ቱ በ1/2 + 1/3 ላይ ተመሳሳይ ስህተት ነበረባቸው። በዚህ ትምህርት የተማሪን ስህተት ለማስተማር የመጠቀም ሥራ አልታየም። ከ22 ጥያቄዎች 17ቱን የመለሱት አምስት ተማሪዎች በመሆናቸው፣ መምህርቷ የቀሩት እንደተረዱ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።»

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «አልታየም» ነው ያለችው፣ «አትችልም» አላለችም። ርዕሰ መምህሯ ያየችው አንድ ትምህርት ነው፤ ስለ አንድ ትምህርት ነው የጻፈችው። «አትችልም» ብትል ኖሮ የማኅበሩ ሰው «ስንት ጊዜ አይተሻት?» ይላታል፣ እሷም «አንድ» ትላለች፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ሁለተኛ፣ ደብተሮቹ ከሁሉም ጠረጴዛ መሆናቸውን ጽፋለች። ከኋላ ጠረጴዛ ብቻ መርጣ ቢሆን ስድስት ከአሥር ምንም ማለት አይሆንም ነበር። ሦስተኛ፣ ደንቡ ወይም መስፈርቱ የመጣው ከታየው ነገር በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መጀመሪያ ነጥቡን ይወስናል፣ ከዚያ ነጥቡን የሚመስል ማስረጃ ይፈልጋል። ይሄ ከሩቅ ይታወቃል፣ ምክንያቱም እንደዚያ የተጻፈ ወረቀት ላይ ሰዓት የለም።

ጥሩውም እንደዚሁ ነው የሚጻፈው። «ደስ የምትል ናት» ሳይሆን፣ «በ8:59 የሰጠችው መመሪያ አጭርና ግልጽ ነበር፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 26 ተማሪዎች ሥራ ጀምረዋል።» ማስረጃ የሌለው ምስጋና መምህርቷንም አይጠቅማትም፣ ርዕሰ መምህሯንም አይጠብቃትም። ለሁሉም «በጣም ጥሩ» እየጻፈች ቆይታ በሦስተኛው ዓመት አንዷን ማሰናበት የምትፈልግ ርዕሰ መምህር፣ የራሷ ወረቀቶች ናቸው የሚመሰክሩባት። በአሜሪካ በ2009 የወጣ «የዊጄት ኢፌክት» የተባለ ጥናት፣ መምህራንን «አጥጋቢ» ወይም «አጥጋቢ ያልሆነ» ብቻ ብለው በሚመዝኑ ወረዳዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አጥጋቢ» እንደሚባሉ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ስለ ማንም ምንም አይናገርም።

ከኢትዮጵያ ዘግይተው የመጡ ዘመዶቻችን ጋር ስለዚህ ሳወራ «ግምገማ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል። በኢሕአዴግ ጊዜ ግምገማ ማለት መምህራን ተሰብስበው እርስ በርስ የሚካሰሱበት ስብሰባ ነበር፤ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም፣ የሚባለው በሰዎች ትዝታና ስሜት ነው። ስለዚህ እናታችሁ «ይገመግሙሻል» ስትሏት ብትደነግጥ አትፍረዱባት። ዛሬ የማወራው ወረቀት ከዚያ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ የተጻፈው ነገር በሰዓቱ የታየ መሆን አለበት፣ የተባለባት ሰውም አንብባ መልሷን ከወረቀቱ ጋር ማያያዝ መቻል አለባት።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ርዕሰ መምህሯ በሁለት ቀን ውስጥ መምህርቷን ጠራቻት። ቶሎ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህርቷ ያንን ልጅም ያንን መልስም አታስታውስም። ጥሩ ርዕሰ መምህር ነጥቡን አስቀድማ አትናገርም። መጀመሪያ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ምን ታያለሽ?» ትላለች። መምህርቷ ጭረቶቹን ስታይ ራሷ «ኧረ፣ ኋላ ማንንም አልጠየቅኩም» አለች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ ከኋላ ከተቀመጡት ሁለቱ አዲስ መጥተው ዕብራይስጥ ገና የሚማሩ ናቸው፤ ክፍሉ ፊት ማሳፈር ስላልፈለገች ነው ያልጠየቀቻቸው። ርዕሰ መምህሯ ይሄን አታውቅም ነበር። ወረቀቱ ላይ በመምህርቷ ቃል ተጻፈ። ድክመቱን አያጠፋውም፣ 12 ልጆች እንጂ ሁለት አይደሉማ፤ ግን ባይጻፍ ኖሮ ሺሙዓ ላይ ድንገት ብቅ ይል ነበር።

ከዚያ ምን ይደረግ? ወረቀቱ «ማሻሻል ይገባታል» ብሎ ቢያቆም ዋጋ የለውም፣ ማንም ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። የተስማሙት ይሄ ነው፦ በእያንዳንዱ የሒሳብ ትምህርት ቢያንስ አንድ የተሳሳተ መልስ ላይ ቆማ «እንዴት አገኘኸው?» ትጠይቃለች። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለሁሉም አንድ ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ሰጥታ ትሰበስባለች፤ እንዲህ ከሆነ አፋሩም አዲስ መጤውም ይመልሳል። ስታዡ ላይ የምትረዳት መምህርት በሳምንት አንድ ጊዜ ወረቀቶቹን አብራት ታያለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሌላ ምልከታ ይደረጋል፣ ቀኑ አሁኑኑ ተጻፈ። ድጋፉ መጻፉ ለመምህርቷ ብቻ አይደለም። አንድ ርዕሰ መምህር «ነገርኳት፣ ይሄን እርዳታ ሰጠኋት፣ ጊዜ ሰጠኋት፣ እንደገና አየኋት» ማለት ካልቻለች፣ ያየችው ትክክል ቢሆን እንኳ ውሳኔዋ ይንገዳገዳል።

ሁለተኛውን ምልከታ ማን ያድርገው? እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ጥናት አለ። በ2013 አንድሩ ሆ እና ቶማስ ኬን ፍሎሪዳ ውስጥ በሂልስቦሮ ወረዳ ርዕሰ መምህራን የትምህርት ቪዲዮ አይተው ነጥብ እንዲሰጡ አደረጉ። የትምህርት ቤቱ አለቆች ለራሳቸው መምህራን ከሌላ ትምህርት ቤት ሰዎች ትንሽ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ። ይበልጥ የሚጠቅመን ደግሞ ይሄ ነው፦ ያው ሰው ሌላ ትምህርት ደግሞ ከሚያይ፣ ሌላ ሰው ቢያይ ፍርዱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ርዕሰ መምህሯ ለስላሳ ድምፅ የማይመቻት ከሆነ፣ አሥር ጊዜም ብትገባ አይመቻትም።

ስለዚህ በምሳሌያችን ሁለተኛውን ያየችው ምክትሏ ናት፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳታነብ። ትምህርቱ አሥርዮሽ ነበር። አንድ ልጅ «0.25 ከ0.3 ይበልጣል፣ ምክንያቱም 25 ከ3 ይበልጣል» አለ። መምህርቷ ቆመች። «እሺ፣ እንዴት እንዳሰብክ ሰሌዳ ላይ አሳየን» አለች፤ እሱ ጻፈ፣ እሷ ከጎኑ አንድ አራት ማዕዘን ሥዕል መቶ ቦታ ከፍላ ሣለች፣ ልጁ ራሱ «አሃ» አለ። በመጨረሻ ከተሰበሰቡት 27 ትናንሽ ወረቀቶች 21ዱ ትክክል ነበሩ። ግን ከ20 ጥያቄ 14ቱን የመለሱት አሁንም እነዚያው የፊት ልጆች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ተጻፉ፦ አንዱ ተሻሽሏል፣ አንዱ አልተሻሻለም። ምክትሏ ስለ ድምጿ ምንም አልጻፈችም፤ ማንም ስላላስታወሳት አልታያትም።

ስታዥ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምልከታው ሲያልቅ ማስታወሻውን ለማየት ጠይቁ፤ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ያለበትን። ስለ እናንተ ከተጻፈው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ሰዓት ፈልጉ። ያላገኛችሁበት ላይ በትሕትና፣ በጽሑፍ፣ ጥያቄ ጻፉ፤ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ ያዙ። ቁጣ አያስፈልግም። እኔ ያን ጊዜ ጠርዙ ላይ የተጻፈብኝ ጥያቄ ይበቃል።

በሚቀጥለው ክፍል አንዲት ስታዧን የጨረሰች እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።